አንድ ድምዳሜ፣ አንድ ማስረጃ፦ ከሪፖርት አንቀጽ ስላይድ ማውጣት

ጥያቄ፦ በክልል ጤና ቢሮ የዕቅድና ክትትል ባለሙያ ነኝ። ከሪፖርታችን ስላይድ ስሠራ አንቀጹን እንዳለ እለጥፈዋለሁ፤ ኃላፊዬ «ይህን ሁሉ ማን ያነበዋል?» ይሉኛል። አሳጥሬ በነጥብ በነጥብ ሳወርደው ደግሞ «ማስረጃው የታለ?» እባላለሁ። ጥቅጥቅ ያለ አንቀጽ አንድ ሐሳብና ማስረጃው ብቻ ወዳለበት ስላይድ የሚቀየረው እንዴት ነው? ቢቻል በምሳሌ ያሳዩኝ።

ምላሽ፦ ሁለቱም አስተያየቶች የሚመጡት ከአንድ ጉድለት ነው። አንቀጹን እንዳለ ሲለጥፉት ማስረጃው አለ፣ ድምዳሜው ግን አይታይም። በነጥብ ሲያወርዱት ማስረጃው ይሳሳል፣ ድምዳሜው አሁንም አይታይም። በነጥብ ማውረድ አንቀጹን ያሳጥረዋል እንጂ ከውስጡ አይመርጥም፤ አምስት ሐሳብ የነበረው አንቀጽ አምስት ነጥብ ሆኖ ይቀመጣል። ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ፓወርፖይንት ከመከፈቱ በፊት ነው፤ ከአንቀጹ ውስጥ የትኛውን አንድ ነገር እንደሚናገሩ በመወሰን።

የእርስዎን አንቀጽ ስላላየሁት በሙያው ያለን ሁሉ በምናውቃቸው ቁጥሮች ልሥራው። ከታች ያለውን አንቀጽ ያቀናበርኩት እኔ ነኝ፤ ቁጥሮቹ ግን የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ናቸው፣ አጻጻፉም በየቢሮው ሪፖርት የምናገኘው ዓይነት ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

«በተከታታይ በተካሄዱ ጥናቶች መሠረት ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ሞት በ2000 ከ1,000 በሕይወት ከተወለዱት 166 የነበረ ሲሆን በ2005 ወደ 123፣ በ2011 ወደ 88፣ በ2016 ደግሞ ወደ 67 ዝቅ ብሏል። በተመሳሳይ የጨቅላ ሕፃናት ሞት ከ49 ወደ 39፣ 37 እና 29 የቀነሰ ሲሆን፣ ከአንድ ዓመት በታች የሆኑት ሞትም ከ97 ወደ 48 ወርዷል። በሌላ በኩል ከሠለጠነ ባለሙያ የቅድመ ወሊድ ክትትል ያገኙ እናቶች ከ27 በመቶ ወደ 62 በመቶ ያደጉ ሲሆን፣ በጤና ተቋም የሚወልዱት ከ5 በመቶ ወደ 26 በመቶ ደርሰዋል፤ ይህም በከተማ 79 በመቶ በገጠር ደግሞ 20 በመቶ ነው። ከወሊድ በኋላ ባሉት ሁለት ቀናት ምርመራ ያገኙ እናቶች ግን 17 በመቶ ብቻ በመሆናቸው ባለድርሻ አካላት የተቀናጀ ጥረት ሊያደርጉ ይገባል።»

ለሪፖርት ይህ አንቀጽ ክፉ አይደለም። አንባቢው ወደ ኋላ ተመልሶ ማንበብ፣ ማስመር፣ ማስላት ይችላል። በስብሰባ አዳራሽ ያለ ሰው ግን እርስዎ እየተናገሩ ነው የሚያነበው፤ እያነበበ ደግሞ አይሰማዎትም።

መጀመሪያ አንቀጹ ስንት ድምዳሜ እንደያዘ በወረቀት ላይ ይዘርዝሩ። እያንዳንዱን ግሥ ባለው ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይጻፉት፤ «የሞት ምጣኔ» ወይም «የወሊድ አገልግሎት» የሚል ርዕስ አይቆጠርም። ከዚህ አንቀጽ እኔ የማወጣቸው እነዚህ ናቸው፦ የሕፃናት ሞት በብዙ ቀንሷል፤ የጨቅላ ሕፃናት ሞትም ቀንሷል፤ በጤና ተቋም መውለድ ቢያድግም ገጠሩ ገና ነው፤ እናቶች ለክትትል ይመጣሉ፣ ከወለዱ በኋላ ግን የሚያያቸው የለም። አራት ድምዳሜ ማለት ነው፤ እያንዳንዱ የራሱን ስላይድ ሊጠይቅ ይችላል። የመጨረሻው «የተቀናጀ ጥረት» ግን ድምዳሜ አይደለም። ማንም ሰው «የለም፣ ያልተቀናጀ ጥረት ይሻላል» ብሎ ሊከራከረው አይችልምና ስላይድ ላይ ቦታ አያገኝም።

ከአራቱ የሚመረጠው ስብሰባው ላይ የሚወሰነውን ነገር የሚነካው ነው። እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር አንብበው «ይህን ቢያምኑ በሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ ላይ ምን ይለውጣሉ?» ብለው ይጠይቁት። የመጀመሪያው፣ የሕፃናት ሞት በብዙ ቀንሷል የሚለው፣ እውነት ነው፣ ደስም ያሰኛል፤ ሰምቶ የሚለወጥ ዕቅድ ግን የለም። እንዲያውም «እንደ ጀመርነው እንቀጥል» ያሰኛል። እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ጥሩው ድምዳሜ አንቀጹ ውስጥ ተጽፎ አይገኝም። ሁለት ቁጥሮች መካከል ተኝቶ የሚያወጣውን ይጠብቃል።

አንቀጹ «በተመሳሳይ» የሚል ቃል አለው፤ የጨቅላ ሕፃናት ሞትም በተመሳሳይ ቀነሰ ይላል። ይህ ቃል ሲገጥምዎት ካልኩሌተር ያንሡ። ከአምስት ዓመት በታች የሆኑት ሞት ከ166 ወደ 67 ሲወርድ ቅናሹ 60 በመቶ ገደማ ነው። የጨቅላዎቹ ከ49 ወደ 29 ሲወርድ 41 በመቶ ነው። ተመሳሳይ አይደለም። በዚህ ላይ 166 ውስጥ ጨቅላዎቹም አብረው ተቆጥረዋል፤ ስለዚህ ንጽጽሩ ንጹሕ እንዲሆን መነጠል አለባቸው። ሁለቱም ቁጥሮች ከ1,000 በሕይወት ከተወለዱት የሚሰሉ በመሆናቸው መቀነስ ይቻላል፦ 166 ሲቀነስ 49፣ ማለትም 117፣ የመጀመሪያውን ወር አልፈው አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሞቱት ናቸው። በ2016 ደግሞ 67 ሲቀነስ 29፣ 38 ይሆናል። ከ117 ወደ 38 መውረድ የ68 በመቶ ቅናሽ ነው።

እነሆ ድምዳሜው። የመጀመሪያውን ወር ያለፉት ሕፃናት ሞት 68 በመቶ ሲቀንስ የጨቅላዎቹ የቀነሰው 41 በመቶ ነው። ይህን ያመነ የቢሮ ኃላፊ የሚቀጥለው ገንዘብ ወደ ወሊድ ክፍልና ወደ መጀመሪያዎቹ ቀናት እንክብካቤ መሄድ አለበት ወይ ብሎ መጠየቁ አይቀርም። እኔ የምመርጠው ይህን ነው፤ አንቀጹን የጻፈው ሰው «በተመሳሳይ» ብሎ ያለፈውን።

ቀጥሎ ይህ ድምዳሜ በስላይዱ አናት ላይ የሚቀመጥ ዓረፍተ ነገር ይሆናል። በፔንሲልቬኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ መሐንዲሶችን ገለጻ ሲያስተምሩ የኖሩት ማይክል አሊ የሚታወቁበት ዘዴ መሠረቱ ይኸው ነው፦ በርዕስ ፈንታ ሙሉ ዓረፍተ ነገር፣ በነጥቦች ፈንታ የሚታይ ማስረጃ። የአማርኛው ዓረፍተ ነገር ግን የራሱ ጣጣ ስላለው በዚህ ላይ ጊዜ ቢወስዱ አይቆጩም።

በመጀመሪያ ወደ እጅ የሚመጣው «ከአምስት ዓመት በታች ከሚሞቱ ሕፃናት ውስጥ በመጀመሪያው ወር የሚሞቱት ድርሻ ከ30 በመቶ ወደ 43 በመቶ አድጓል» የሚለው ነው። ሒሳቡ ትክክል ነው፤ 49 ለ166 ሲካፈል 30 በመቶ ገደማ፣ 29 ለ67 ሲካፈል 43 በመቶ ነው። ቢሆንም አልጠቀምበትም። «ድርሻ» የምትለው ቃል በአዳራሹ ግማሽ ሰው ጆሮ ትወድቅና «የጨቅላ ሕፃናት ሞት ጨምሯል» ተብሎ ይወጣል። ሞቱ ቀንሷል፤ የጨመረው ከጠቅላላው ውስጥ ያለው ድርሻ ነው። በቃል ሲተላለፍ የሚዛባ ዓረፍተ ነገር፣ ሲጻፍ ምንም ያህል ትክክል ቢሆን፣ ለአናት አይበቃም።

ሁለተኛው ሙከራ «የሕፃናት ሞት ቢቀንስም የጨቅላ ሕፃናት ሞት በዚያው ልክ አልቀነሰም» ነው። ለጆሮ ይጥማል፣ ስህተትም የለበትም። ችግሩ በአማርኛ ግሡ መጨረሻ ላይ መምጣቱ ነው፤ አድማጭ ይዞ የሚሄደው የመጨረሻዋን ቃል ነው። «አልቀነሰም» ብቻዋን ስትቀር ደግሞ ሐሰት ናት።

እኔ የምጽፈው ይህን ነው፦ «የጨቅላ ሕፃናት ሞት የቀነሰው ከሌሎቹ ሕፃናት ይልቅ በዝግታ ነው»። «የቀነሰው … ነው» የሚለው አሠራር ቅነሳውን የታወቀ ነገር አድርጎ ያልፈዋልና ማንም «አልቀነሰም» ወይም «ጨመረ» ብሎ አይወጣም። አዲሱ ነገር፣ ዝግታው፣ የድምዳሜው ቦታ ላይ፣ ከ«ነው» በፊት ተቀምጧል። ቁጥር አልጨመርኩበትም፤ ቁጥሮቹ ከታች በግራፉ ላይ አሉና ዓይን ራሱ ያገኛቸዋል። ርዝመቱ በትልቅ ፊደል ከሁለት መስመር አይበልጥም። ሦስተኛ መስመር ከጀመረ ብዙ ጊዜ ውስጡ ሁለት ድምዳሜ አለ፤ «እና»፣ «ሲሆን»፣ «በሌላ በኩል» የሚሉትን ይፈልጓቸው። «ሲሆን» በተለይ የሪፖርት አማርኛ ወዳጅ ናት፤ ግንኙነት የሌላቸውን ሁለት ነገሮች ግንኙነት ያላቸው አስመስላ ታጣብቃለች። ከላይ ባለው አንቀጽ ስንት ጊዜ እንደመጣች ይመልከቱ።

አሁን ወደ ማስረጃው። መለኪያው አንድ ነው፦ ይህን ቁጥር ባወጣው ድምዳሜው ይወድቃል ወይ? ካልወደቀ ይወጣል። ከአንድ ዓመት በታች የሆኑት ሞት፣ 97 እና 48፣ ይወጣል፤ እውነት ነው፣ የጨቅላና የሌሎቹን ልዩነት ግን አያሳይም። የቅድመ ወሊድ ክትትል ይወጣል። የከተማና የገጠር ልዩነት ይወጣል። በጤና ተቋም መውለድም ይወጣል፤ እሱን ማውጣት ግን እጅ ያስጨንቃል፣ ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ እመጣበታለሁ። የሚቀሩት ሁለት ተርታ ቁጥሮች ናቸው። የጨቅላዎቹ 49፣ 39፣ 37፣ 29፤ የሌሎቹ ደግሞ በየዙሩ ተቀንሶ የሚገኘው 117፣ 84፣ 51፣ 38።

በሰንጠረዥ ሊያስቀምጧቸው ይችላሉ፤ ስምንት ቁጥር ብዙ አይደለም። ድምዳሜው ግን ስለ ፍጥነት ነው፣ ፍጥነትን ደግሞ ዓይን በመስመር ተዳፋት ነው የሚያየው። ስለዚህ ሁለት መስመር ያለው ግራፍ። የላይኛው ከ117 ተነሥቶ በቁልቁለት ይወርዳል፤ የታችኛው ከ49 ተነሥቶ እየተንቀራፈፈ ይሄዳል፣ ከ2005 እስከ 2011 ከሞላ ጎደል ጠፍጣፋ ነው። በ2016 ሁለቱ ሊነካኩ ይደርሳሉ፤ 38 እና 29። ድምዳሜዎን ያላነበበ ሰው እንኳ ይህን ሲያይ «ከታች ያለው ምን ሆኖ ነው?» ይላል።

ኤክሴል የሚሰጥዎትን ግራፍ እንዳለ አይለጥፉ። ከጎን የሚመጣውን የቀለም መግለጫ ሳጥን ያጥፉትና ስሙን በየመስመሩ ጫፍ ላይ ይጻፉ፤ አለዚያ ተመልካቹ ከቀለም ወደ ሳጥን፣ ከሳጥን ወደ መስመር ሲመላለስ እርስዎ ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናግረው አልፈዋል። የላይኛው መስመር ግራጫ ይሁን፣ የጨቅላዎቹ ደማቅ። የጀርባውን አግድም መስመሮች ያንሡ። ቁጥር በመነሻውና በመድረሻው ላይ ብቻ ይጻፉ፤ የመካከሎቹ ቅርጹን ያሳያሉ፣ መነበብ የለባቸውም። ቁመቱ ከዜሮ ይጀምር። በቀኝ ጫፍ ከየመስመሩ አጠገብ «68 በመቶ ቀነሰ»፣ «41 በመቶ ቀነሰ» ብለው ይጻፉ። እነዚህ ሁለት ቁጥሮች የስላይዱ ልብ ናቸውና ከሌላው ጽሑፍ ይተልቁ። ሌላም ጥቃቅን ነገር አለ፦ በጥናቶቹ መካከል ያለው ርቀት 5፣ 6 እና 5 ዓመት ነው። የዓመቱ መስመር እንደ ተራ ስያሜ ከተቀመጠ ኤክሴል እኩል ያራርቃቸዋል። እዚህ ልዩነቱ ትንሽ ስለሆነ ጉዳቱ አይታይም፤ የእርስዎ መረጃ 2፣ ከዚያ 7 ዓመት የሚራራቅ ከሆነ ግን ተዳፋቱ ይዋሻል፣ ድምዳሜዎም ከሱ ጋር።

ስላይዱ ተጠናቅቆ ሲያልቅ በላዩ ያለው ጽሑፍ ይህ ብቻ ነው፦

> የጨቅላ ሕፃናት ሞት የቀነሰው ከሌሎቹ ሕፃናት ይልቅ በዝግታ ነው
>
> ከ1,000 በሕይወት ከተወለዱት የሞቱ፣ እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2016
>
> ግራጫ መስመር፦ ከአንድ ወር እስከ አምስት ዓመት፣ 117 … 38፣ 68 በመቶ ቀነሰ
>
> ደማቅ መስመር፦ የመጀመሪያው ወር፣ 49 … 29፣ 41 በመቶ ቀነሰ
>
> ምንጭ፦ የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ 2000፣ 2005፣ 2011፣ 2016፤ የግራጫው መስመር ቁጥር ከአምስት ዓመት በታች ሞት ላይ የጨቅላው ተቀንሶ የተሰላ

የምንጩ መስመር ላይ «ተቀንሶ የተሰላ» የሚለውን አይርሱ። 117 የሚል ቁጥር በጥናቱ ማጠቃለያ ሠንጠረዥ ውስጥ ፈልጎ ያጣ ሰው የቀረውንም ማመን ያቆማል። እርስዎ ያሰሉትን እርስዎ እንዳሰሉት ይጻፉ።

«እ.ኤ.አ.» የሚለውም ያለ ምክንያት አልገባም። የቢሮ ሪፖርቶቻችን በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚዘጋጁ፣ የጥናቶቹ ቁጥሮች ደግሞ በፈረንጆቹ የሚታተሙ በመሆናቸው ሁለቱ በአንድ ስላይድ ላይ ሲገናኙ ሰባትና ስምንት ዓመት የሚያህል ስህተት ይፈጠራል። 2016 ያለ ምልክት ከተቀመጠ ግማሹ ተሰብሳቢ ትናንት የሆነ ያህል ይወስደዋል፤ ጥናቱ የተካሄደው በእኛ 2008 ዓ.ም. ነው። አንዱን ይምረጡና በአንድ ስላይድ ላይ ሌላውን አያስገቡ።

አሁን ወደ ተውኩት ነገር ልመለስ። በጤና ተቋም መውለድ በ2016 ገና 26 በመቶ ነበር የሚለውን ከግራፉ አጠገብ ለማስቀመጥ እጅ ይበላል። ጨቅላዎች የሚሞቱት በአብዛኛው ያለ ጊዜያቸው በመወለድ፣ በወሊድ ወቅት በመታፈንና በኢንፌክሽን ነው፤ ለነዚህ ደግሞ በወሊዱ ሰዓት የሠለጠነ እጅ ያስፈልጋል። ክትባት፣ አጎበር፣ የተቅማጥ ሕክምና ከፍ ያሉትን ሕፃናት ይበልጥ ይጠቅማሉ፤ እነሱ ደግሞ በ2003 በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም እስከ ቀበሌ ወርደዋል። አሳማኝ ማብራሪያ ነው፣ እኔም አምንበታለሁ። ነገር ግን ግራፉ ይህን አያሳይም። ግራፉ የሚያሳየው አንዱ በዝግታ መቀነሱን እንጂ ለምን እንደዘገየ አይደለም። 26 በመቶን አጠገቡ ሲያስቀምጡ «ለምን» የሚለውን ሳያስረዱ መለሱ ማለት ነው። ያ ሁለተኛ ድምዳሜ ነው፣ የራሱን ማስረጃ ይዞ ሁለተኛ ስላይድ ላይ ይምጣ፦ «እናቶች ለክትትል ይመጣሉ፣ የሚወልዱት ግን ቤት ነው»፤ 62 በመቶና 26 በመቶ ጎን ለጎን፣ ከፈለጉ ገጠሩ 20 በመቶ ተጨምሮበት። ሁለቱ ስላይዶች ተከታትለው ሲመጡ ተሰብሳቢው ግንኙነቱን ራሱ ያያል፤ እርስዎም በአንደበትዎ «ይህ አንዱ ምክንያት ሊሆን ይችላል» ማለት ይችላሉ፣ በሚገባው ጥንቃቄ።

ድምዳሜው ከማስረጃው አልፎ ሲሄድ ምን እንደሚያደርስ የሚያሳይ ብዙ የተጻፈበት አንድ ስላይድ አለ። በ2003 መጀመሪያ ኮሎምቢያ የተባለችው የጠፈር መንኩራኩር ስትነሣ ከውጫዊው የነዳጅ ጋን የተላቀቀ የአረፋ ቁራጭ ክንፏን መታት። መሐንዲሶች ጉዳቱን ገምግመው ለናሳ ኃላፊዎች ስላይድ አቀረቡ። የአንዱ ስላይድ ርዕስ የሚያረጋጋ ነበር፤ የሙከራው መረጃ አደጋውን ከሚገባው በላይ አክብዶ እንደሚገምት የሚጠቁም። ከሥሩ ግን፣ በነጥቦቹና በንዑስ ነጥቦቹ መጨረሻ፣ የአረፋው መጠን 1,920 ኪዩቢክ ኢንች፣ ሙከራ የተደረገበት ደግሞ 3 ኪዩቢክ ኢንች መሆኑ ተጽፏል። 640 እጥፍ ማለት ነው፤ ሙከራው ስለደረሰው ምት የሚናገረው ነገር አልነበረውም። መንኩራኩሯ ፌብሩዋሪ 1 ቀን ስትመለስ ተበታተነች፣ ሰባቱም ጠፈርተኞች ሞቱ። የአደጋው መርማሪ ቦርድ በሪፖርቱ ይህንኑ ስላይድ አንሥቶ ተችቷል። ቁጥሩ ተጽፎ ነበር፤ ዋናው ማስረጃ ግን በነጥቦቹ ግርጌ ተቀብሮ አናቱ ሌላ ተናገረ።

ለዚህ የምጠቀምበት ፈተና ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ርዕሱን በወረቀት ሸፍነው ጉዳዩን የማያውቅ ባልደረባ ግራፉን ብቻ አይቶ ምን እንደሚል ይጠይቁ። የሚለው ከርዕስዎ ጋር ከተቀራረበ ጥሩ። «ሁለቱም እየቀነሱ ነው» ካለ ግራፉ የሚናገረው የመጀመሪያውን ድምዳሜ ነው፣ የእርስዎን አይደለም፤ ቀለሙን ወይም የሁለቱን መቶኛዎች መጠን ያስተካክሉ። ከዚያ ደግሞ ግራፉን ሸፍነው ርዕሱን ያስነብቡትና «ምን ቢያሳዩህ ታምናለህ?» ይበሉት። እሱ የሚጠይቀው ነገር ከወረቀቱ ሥር መኖር አለበት።

ጥያቄ እንደሚመጣ አስበው ይግቡ። አንዱ «የጨቅላዎቹ ሲጀመርም ዝቅ ያለ ስለነበር ነው፤ 117 የነበረው ብዙ የሚቀንስበት ቦታ አለው» የሚል ነው። በቁጥር ሲታይ 79 እና 20 ነው የቀነሱት። መልሱ መቶኛ የተጠቀምነው ለዚሁ ነው የሚል ነው፤ ከየራሳቸው መነሻ ተነሥተን ከነበረው አደጋ ምን ያህሉ እንደተወገደ ነው የምንጠይቀው።

ሌላው ጥያቄ «ለምን በ2016 ቆመ?» ነው፤ ይህ ተገቢ ነው። በ2019 አነስተኛ ጥናት ተካሂዶ ነበር፤ የመጨረሻው ሪፖርት የጨቅላዎቹን ሞት 33፣ ከአምስት ዓመት በታች የሆኑትን 59 ይላል። ከ29 ወደ 33 «ጨመረ» ብለው እንዳይቸኩሉ። በዚያ ጥናት ቃለ መጠይቅ የተደረገላቸው ሴቶች 8,885 ሲሆኑ በ2016ቱ 15,683 ነበሩ። የሞት ምጣኔ ከናሙና ሲገመት ግራና ቀኝ የስህተት ወሰን አለው፤ ናሙናው ሲያንስ ወሰኑ ይሰፋል፣ የአራት ነጥብ ልዩነትም በዚያ ውስጥ ይጠፋል። ከ39 ወደ 37 የወረደውንም ለዚሁ ሲባል «ትንሽ ቀነሰ» ብለው አይተርኩት። ከ2000 እስከ 2016 ያለው የ68 እና የ41 በመቶ ልዩነት ግን በዚህ መጠን የሚናወጥ አይደለም። የ2019ን ቁጥር እኔ በተጠባባቂ ስላይድ አስቀምጠዋለሁ፣ ከመጨረሻው ስላይድ በኋላ፤ ጥያቄው ሲመጣ እከፍተዋለሁ። ከመጨረሻው ሪፖርት በፊት የወጣው የዚያው ጥናት የዋና አመልካቾች ሪፖርት 30 እና 55 ስለሚል ከየትኛው ሕትመት እንደወሰዱ መጻፍ አይርሱ፤ አዳራሹ ውስጥ ሌላኛውን የያዘ ሰው አይጠፋም። አዲስ ሙሉ ጥናት በእጅዎ ካለ ደግሞ መስመሩን እስከዚያ ያስረዝሙትና መቶኛዎቹን እንደገና ያስሉ።

ይህ ሁሉ ማብራሪያ የሚቀመጠው ከስላይዱ ሥር ባለው የተናጋሪ ማስታወሻ ውስጥ ነው። የተቆረጠው ሁሉ አይጣልም፦ የስህተት ወሰኑ፣ አሰላሉ፣ የከተማና የገጠሩ ቁጥር እዚያ ይገባል። ሲያቀርቡም ግራፉን ከማብራራት አይጀምሩ። ድምዳሜውን በአንድ ትንፋሽ ይናገሩ፣ ቀጥሎ «ግራጫው ከአንድ ወር በላይ የሆናቸው ናቸው፣ ደማቁ ጨቅላዎቹ» ብለው መስመሮቹን ያስተዋውቁ፣ ከዚያ 68ን እና 41ን ይጥሩና ለአፍታ ዝም ይበሉ። ሰው ለማየት ጊዜ ይፈልጋል።

በአማርኛ ሲሠሩ የፊደሉን ነገር አስቀድመው ያረጋግጡ። ቢሮዎ ኮምፒውተር ላይ ያማረው ፊደል አዳራሹ ያለው ላፕቶፕ ላይ ካልተጫነ ሌላ ፊደል ይተካዋል፣ መስመሩ ይሰበራል፣ አንዳንዴም ሁሉም ባዶ ሳጥን ይሆናል። ፋይሉን በፒዲኤፍም ያስቀምጡና ሁለቱንም ይዘው ይሂዱ። ፊደሎቻችን ውስጣቸው ብዙ ዝርዝር አለ፤ «ሥ»ን ከ«ሦ»፣ «ጨ»ን ከ«ጩ» የሚለየው ትንሽ ቅጥል ከኋላ ወንበር አይታይም። አናቱን ከ28 በታች፣ በግራፉ ላይ ያለውን ከ18 በታች አላደርገውም። የምንጩ መስመር ብቻ ወደ 12 ቢወርድ ችግር የለውም፤ እሱ የሚፈለገው ሲጠየቅ ነው።

ኃላፊዎ ስላይዱን አይተው «የቀረው መረጃስ?» ካሉዎት ሙሉውን አንቀጽ በአንድ ገጽ አትመው ለተሰብሳቢዎቹ ያድሉ፤ ከገለጻው በኋላ እንጂ በፊት አይደለም። በፊት ከታደለ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ወረቀቱን ያነባል፣ ግራፉን የሚያይልዎት አይኖርም። አንቀጹን ሲያትሙት ግን «በተመሳሳይ» የሚለውን አውጥተው «የጨቅላ ሕፃናት ሞት ግን በዝግታ ነው የቀነሰው» ብለው ያርሙት፤ ሪፖርቱና ስላይዱ የተለያየ ነገር እንዳይናገሩ።